ስለ ሃምሳ ዶሮዎች ወጪና ገቢ የተጻፈ ትምህርት

፩. የሒሳቡ መነሻ

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው የአባቶች ተረት የዶሮን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የዶሮ አርቢንም ሒሳብ ይናገራል። ዶሮ የሚያረባ ሰው ከሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለመኖዋ ነውና። ነገር ግን ብዙ ሰው ዶሮ ለማርባት ሲያስብ አስቀድሞ የሚቆጥረው የጫጩቱን ዋጋና የሚሰበስበውን እንቁላል ነው። በመካከሉ ያለውን ወራት፣ ይኸውም ጫጩቲቱ እየበላች እንቁላል የማትጥልበትን ዘመን፣ አይቆጥረውም። በዚህም ምክንያት ገንዘቡ በ4ኛው ወር ያልቅበትና ቄቦቹን ልትጥል በተቃረበችበት ጊዜ አውጥቶ ለሥጋ ይሸጣል። ድካሙን እርሱ ደክሞ እንቁላሉን ሌላው ይበላዋል።

ከቢሾፍቱ ጀምሮ በሞጆና በአዳማ አልፎ እስከ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ድረስ ባለው የስምጥ ሸለቆ አገር ይህ ሥራ የተለመደ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች እንቁላል የሚገዛ ሕዝብ አላቸው። በቆሎውም፣ ፉርሽካውም፣ የኑግ ፋጉሎውም በአካባቢው ይገኛል። በቢሾፍቱም የእንስሳት ክትባት የሚያመርት የመንግሥት ድርጅት አለ። ስለዚህ የጐደለው ነገር ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን አስቀድሞ የተጻፈ ሒሳብ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በአዳማ ዳር የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ 50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ለማርባት ቢያስብ ሒሳቡን እንዴት እንደሚያደርገው በምሳሌ ይታያል። የመኖው ክብደትና የእንቁላሉ ቍጥር ከዶሮዋ ተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ብዙ አይለዋወጥም። የብሩ መጠን ግን ለማስላት ብቻ የተወሰደ ነው። ዋጋ በየወሩ ይለወጣልና መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋራ ወደ ገበያ ወጥቶ የዕለቱን ዋጋ በምሳሌው ዋጋ ፈንታ ይተካ።

፪. ስለ ጫጩትና እስከ መጀመሪያው እንቁላል ስለሚወጣው ወጪ

ከሚጣሉት ዶሮዎች ቍጥር ጥቂት ከፍ አድርጎ መግዛት ይገባል። ቤተ ሰቡ 50 ጣይ ዶሮ ከፈለገ 55 የአንድ ቀን ጫጩት ይግዛ። አምስቱ ሳያድጉ ሊሞቱ ይችላሉና። የሚገዛውም ለእንቁላል የተመረጠው ዘር ሴቷ ብቻ ነው። ቡናማ ላባ ባላቸው የእንቁላል ዘሮች ሴቷ ጫጩት ከተፈለፈለችበት ቀን ጀምራ ቡና ዓይነት መልክ ስላላት፣ ነጣ ካለው ወንድ ትለያለች። ለምግብ የሚሆን እንቁላል ያለ አውራ ዶሮ ስለሚጣል አውራ መቀለብ አያስፈልግም።

አንዲት ጫጩት እስከ 8ኛው ሳምንት 2 ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። ከዚያ እስከ 20ኛው ሳምንት ድረስ ደግሞ 6 ኪሎ ያህል ትበላለች። ስለዚህ አንዲት ቄብ የመጀመሪያ እንቁላሏን ሳትጥል 8 ኪሎ መኖ በልታለች ማለት ነው። ለ55ቱ ሲሰላ 440 ኪሎ ይሆናል። የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ 50 ብር ቢሆን ወጪው 22,000 ብር ነው። ጫጩቶቹ እያንዳንዳቸው በ120 ብር ቢገዙ 6,600 ብር ይሆናሉ። እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚፈራው የጫጩት ዋጋ ከማሳደጊያው መኖ ዋጋ አንድ ሦስተኛ እንኳ እንደማይሞላ ከዚህ ይታያል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩት የራሷ ሙቀት ስለማይበቃት ማሞቂያ ይሻል። በ1ኛው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ራሳቸውን ይመልከት። ከማሞቂያው ሥር ተጨናንቀው ቢጮሁ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩና ከማሞቂያው ቢሸሹ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ቢበሉና ቢተኙ ልክ ነው። በከሰል የሚያሞቅ ሰው ግን የከሰሉ ጢስ መውጫ እንዲኖረው ያድርግ። አለዚያ ጫጩቶቹ በአንድ ሌሊት ታፍነው ያድራሉ። ለከሰልና ለወለል ጕዝጓዝ 1,500 ብር ይያዝ።

፫. ስለ ቤት

የቤቱ ስፋት የሚወሰነው በዶሮዎቹ ቍጥር ነው። ለአዳማ ሙቀት በአንድ ካሬ ሜትር 5 ዶሮ ቢሆን ይመቻል። ስለዚህ ለ50 ዶሮ 10 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይኸውም 4 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ነው። የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። ፀሐይ ጧትና ማታ አጭሩን ጎን ብቻ እንድትመታ ነው። ግድግዳው ከመሬት እስከ ጕልበት ድረስ ጭቃ ወይም ድንጋይ ይሁን። ከዚያ በላይ ወንፊት ሽቦ ሆኖ ነፋስ እንዲያልፍበት ይደረግ። አዳማ አቧራ የተሞላ ብርቱ ነፋስ ያለበት አገር ስለሆነ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የሚወርድና የሚጠቀለል የጆንያ መጋረጃ ይኑረው። በወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ የእጅ መዳፍ ያህል ይጐዝጐዝ። ለየ5ቱ ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን ይሠራ።

ቤቱ በ30,000 ብር፣ መመገቢያውና ማጠጫው መጣያ ሳጥኑም በ5,000 ብር ቢሠራ ጠቅላላው 35,000 ብር ነው። በሒሳብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወጪውን ሁሉ በመጀመሪያው መንጋ ላይ ጭኖ «ከሰርሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ ፈጽሞ ሳይቆጥረው «አተረፍሁ» ይላል። ትክክለኛው መንገድ ግን ቤቱ የሚያገለግልበትን ዘመን መቍጠር ነው። ቤቱ ለ5 ዓመት፣ ማለት ለ60 ወር ቢያገለግል፣ የወር ድርሻው 583 ብር ይሆናል። አንድ መንጋ ከጫጩትነት ጀምሮ እስከሚሸጥ 17 ወር ያህል በቤቱ ስለሚቆይ የዚህ መንጋ የቤት ድርሻ ወደ 10,000 ብር ነው።

፬. ስለ ክትባት

በዚህ አገር የዶሮን መንጋ በአንድ ሳምንት ባዶ የሚያደርገው በሽታ ፈንግል ነው። ምልክቱም የሚከተለው ነው። ዶሮዋ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች። አረንጓዴ መሳይ ቅዘን ትቀዝናለች። አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ክንፏና እግሯ ይዝላል። የምትጥለውም ዶሮ በድንገት መጣል ታቆማለች፤ ወይም ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ትጥላለች። ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለውም። ያለው አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው።

የክትባቱ ተራ እንዲህ ነው። የማሬክ ክትባት ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን በማስፈልፈያው ቤት ይሰጣል፤ ገዢው መሰጠቱን ይጠይቅ። በ7ኛው ቀን ገደማ ኤች ቢ 1 የተባለው የፈንግል ክትባት በዓይን ይንጠባጠባል። በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት የጉምቦሮ ክትባት ይሰጣል። በ4ኛው ሳምንት ላሶታ የተባለው የፈንግል ክትባት በውኃ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ላሶታው ከመጣል በፊት፣ ቀጥሎም በየ3 ወሩ ገደማ ይደገማል። የዶሮ ፈንጣጣ ክትባት ደግሞ በክንፍ ቆዳ በመርፌ ይወጋል። ቀኑን ለይቶ የሚያዝዘው በአካባቢው ያለውን በሽታ የሚያውቀው የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ክትባት የሚሸጠው በብልቃጥ ነው። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ 100 ወይም ከዚያ በላይ ዶሮ የሚከትብ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ኃይሉ ይጠፋል፤ ለነገ አይቀመጥም። ስለዚህ 50 ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ቢገዛ ግማሹን ይደፋዋል። ሁለትና ሦስት ጎረቤቶች ጫጩታቸውን በአንድ ቀን ቢያስገቡና በአንድ ቀን ቢከትቡ ግን የብልቃጡን ዋጋ ይካፈላሉ። አንዱ ቤት ተከትቦ ሌላው ሳይከተብ የሚቀርበትም ምክንያት ይጠፋል።

ተከትበው ሳለ የሚሞቱ ዶሮዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በክትባቱ ስንፍና ሳይሆን በአሰጣጡ ስሕተት ነው። ብልቃጡ ከመድኃኒት ቤት እስከ ቤት ድረስ በበረዶ መያዝ አለበት። በአዳማ ቀትር በኪስ የተያዘ ክትባት ሞቶ ይደርሳል። የከተማ የቧንቧ ውኃ ደግሞ ክሎሪን ስላለበት ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ የጕድጓድ ውኃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይጠቀሙ፤ በአንድ ሊትር ውኃም 2 ግራም ተኩል የወተት ዱቄት ይጨመርበት። ዶሮዎቹ አስቀድመው ለአንድ ወይም ለ2 ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ ይቆዩ፤ የቀረበላቸውን ፈጥነው እንዲጨርሱ ነው። የታመመ መንጋ አይከተብም።

ለክትባትና ለመድኃኒት እስከ መጣል ድረስ 1,500 ብር፣ በሚጥሉበት ዓመት ደግሞ 1,000 ብር ይያዝ። ይህን 2,500 ብር ሊቈጥብ የሚፈልግ ሰው ልክ መጣል ሲጀምሩ ፈንግል ቢገባበት የሚያጣውን ይመልከት። ጫጩቱ 6,600፣ መኖው 22,000፣ ከሰሉና ጕዝጓዙ 1,500፣ በድምሩ 30,100 ብር ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ እንቁላል በፊት የጠፋ ገንዘብ ነው።

፭. ከመጀመሪያው እንቁላል በፊት በእጅ መኖር ያለበት ገንዘብ

እስከ አሁን የተነገረው ሲደመር፣ ቤትና ዕቃ 35,000፣ ጫጩት 6,600፣ መኖ 22,000፣ ክትባት 1,500፣ ከሰልና ጕዝጓዝ 1,500፣ ጠቅላላው 66,600 ብር ነው። ይህ ግን አይበቃም። ቄቦቹ በ20ኛው ሳምንት ገደማ መጣል ቢጀምሩም በአንድ ቀን ሁሉም አይጥሉም። እንቁላላቸው የመኖአቸውን ዋጋ እስኪከፍል ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ የአንድ ወር መኖ 9,000 ብር ተጨማሪ ይያዝና ድምሩ 75,600 ብር ይሁን። ይህን ያህል የሌለው ሰው ቍጥሩን ወደ 20 ዶሮ ዝቅ ያድርግ። 50 ጀምሮ በ4ኛው ወር ከመሸጥ 20 ጀምሮ እስከ ፍጻሜ መድረስ ይሻላል።

፮. ስለ እንቁላል ገቢና ስለ ጾም ወራት

አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከሚፈስሰው ጋራ 120 ግራም መኖ ይታሰብላታል። በዓመቱ ውስጥ ጥቂቶች ስለሚሞቱ በ50 ፈንታ አማካዩ 48 ተብሎ ይቆጠር። ይህ በ52 ሳምንት 2,100 ኪሎ ያህል፣ በብርም 105,000 ይሆናል። ዶሮዎቹ በደኅና ከተያዙ የዓመቱ አማካይ መጣል ከመቶ 75 ቢሆን፣ ከ48ቱ ዶሮዎች በቀን 36 እንቁላል ይገኛል። አንዱ ይሰበራል ወይም ለሕፃናት ይሰጣል፤ 35ቱ ይሸጣል።

በምን ዋጋ ይሸጣል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም። ዶሮዋ ጾም አታውቅም፤ ገዢው ግን ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት 43 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው። የሐዋርያት ጾም ደግሞ እንደ ፋሲካው መቅደምና መዘግየት ይረዝማል ያጥራል። በዚህ ምሳሌ ሁሉም ባንድ ላይ 140 ቀን ተብሎ ይታሰብ። በአዳማና በጎረቤቶቿ ከተሞች ጾሙን የማይጾሙ ብዙ ገዢዎች ስላሉ ገበያው ፈጽሞ አይዘጋም፤ ዋጋው ግን ይወርዳል። በዚያ ሙቀትም እንቁላልን ጾሙ እስኪፈታ ማቈየት አይቻልም። እንግዲህ በሒሳቡ ሁለት ዋጋ ይግባ። በፍስክ 14 ብር፣ በጾም 11 ብር እንበል። 35 እንቁላል በ140 የጾም ቀን 53,900 ብር፣ በቀሩት 224 ቀኖች 109,760 ብር፣ ጠቅላላው 163,660 ብር ይሆናል። በአንድ ዋጋ ብቻ፣ በ14 ብር፣ ያሰላ ሰው 14,700 ብር የሌለ ገንዘብ ቈጥሯል።

ጫጩት የሚገባበትም ወር ከዚህ ጋራ ይያያዛል። ጫጩቶቹ በጥቅምት 15 ቀን ቢገቡ 20ው ሳምንት የሚፈጸመው በመጋቢት 5 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ጾም ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ የሚጣለውም ገና ጥቂት ነው። ሙሉ መጣላቸው ከ26ኛው ሳምንት በኋላ ስለሆነ ከፋሲካና ከበዓለ ኀምሳ ጋራ ይገጥማል። በግንቦት መጀመሪያ የገቡ ግን በመስቀል ሰሞን መጣል ይጀምሩና ብርቱ መጣላቸው በነቢያት ጾም ላይ ይወድቃል። የጥቅምቱ ጫጩት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ስለሚያገኘው ከሰሉ ይበዛል፤ ይህ ግን ከዋጋው ልዩነት ያነሰ ወጪ ነው።

፯. የሒሳቡ መዝጊያ

ገቢ፤ ከእንቁላል 163,660 ብር። ዓመቱ ሲፈጸም 46 ዶሮ በ400 ብር ሲሸጥ 18,400 ብር። ድምር 182,060 ብር።

ወጪ፤ ጫጩት 6,600፤ የማሳደጊያ መኖ 22,000፤ በሚጥሉበት ዓመት መኖ 105,000፤ ክትባትና መድኃኒት 2,500፤ ከሰልና የሁለቱም ዘመን ጕዝጓዝ 3,000፤ የቤት ድርሻ 10,000። ድምር 149,100 ብር።

ትርፉ 32,960 ብር ነው። ይህ የ17 ወር ድካም ስለሆነ በወር 1,939 ብር ያህል ይደርሳል፤ የቤተ ሰቡ ጕልበት ግን አልተቈጠረም። ከወጪው 127,000 ብር የመኖ ነው፤ ይህም ከመቶ 85 ነው።

አሁን ይህ ትርፍ እንዴት ያለ ቀጭን እንደሆነ ይታይ። በቀን የሚሸጠው እንቁላል ከ35 ወደ 28 ቢወርድ፣ ማለት መጣሉ ከመቶ 75 ወደ 60 ቢቀንስ፣ ገቢው በ32,732 ብር ይጐድላልና የሚተርፈው 228 ብር ብቻ ነው። የመኖ ዋጋ ከ50 ወደ 60 ብር ቢወጣ ደግሞ ወጪው በ25,400 ብር ይጨምርና ትርፉ 7,560 ብር ይሆናል። ሁለቱ ባንድነት ቢመጡ ኪሳራ ነው። በቀን አንዲት እንቁላል መጨመር ግን በዓመት 4,676 ብር ነው።

መኖ ሲወደድ ብዙ ሰው በመኖው ላይ ፉርሽካ ይጨምራል። በዚህም የኪሎው ዋጋ በ10 ብር ቢቀንስ በቀን 57 ብር ያህል ያተርፋል። ነገር ግን ፉርሽካ ብቻውን ለጣይ ዶሮ የሚበቃ የሥጋ ማነጫ ኃይልና የኖራ ድንጋይ ስለሌለው በ2 ሳምንት ውስጥ እንቁላሉ ይቀንሳል፤ ቅርፊቱም ይሳሳል። በቀን 5 እንቁላል ቢጐድል በፍስክ ዋጋ 70 ብር ጠፋ። ስለዚህ 57 ለማግኘት 70 ተከፈለ። በቤቱ መቀላቀል የሚፈልግ ሰው በበቆሎው ላይ የኑግ ፋጉሎና የኖራ ድንጋይ በልክ ይጨምር፤ ልኩንም ከግብርና ባለ ሙያ ይጠይቅ። የሻገተ በቆሎ ግን ርካሽ ቢሆንም ጕበት የሚጎዳ መርዝ ስላለበት አይግዛ።

፰. የቀን ልክ

ቤተ ሰቡ በየማታው አንድ ነገር ይጻፍ፤ የተሰበሰበውን እንቁላልና የተሰጠውን መኖ። 48 ዶሮዎች በቀን የሚበሉት መኖ ዋጋ 288 ብር ነው። ይህን በ14 ሲካፈሉት 21 እንቁላል፣ በ11 ሲካፈሉት 27 እንቁላል ይሆናል። እንግዲህ የመንጋው የቀን ልክ በፍስክ 21፣ በጾም 27 ነው። ከዚህ በታች የወረደ ቀን ዶሮዎቹ ከሚሰጡት ይልቅ የሚበሉት ይበልጣል።

ቍጥሩ በአንድ ቀን ቢወርድ አያስፈራም። ለ3 ቀን ተከታትሎ ቢወርድ ግን ምክንያቱ ይፈለግ። አስቀድሞ ውኃው ይታይ፤ በሙቀት ወራት ግማሽ ቀን ውኃ ያጣች ዶሮ ለብዙ ቀን መጣሏን ትቀንሳለችና። ቀጥሎ መኖው፣ ከዚያም የበሽታ ምልክት ይመርመር። መኖው ሳይለወጥ፣ ውኃው ሳይጐድል እንቁላሉ በድንገት ቢቀንስና ዶሮ ብትሞት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይነገር። የሞተችውም በጥልቅ ትቀበር እንጂ ወደ ገበያ አትሂድ።

በጥቅምት የገባው መንጋ ዓመት የመጣል ዘመኑን የሚፈጽመው በቀጣዩ ዓመት በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ ጾም ስለሆነ የዶሮ ዋጋ ዝቅ ያለ ነው፤ ለፋሲካ ዋዜማ ግን ለዶሮ ወጥ ፈላጊው ይበዛል። ታዲያ ይጠበቅ ወይስ ይሸጥ? የዚህ መልስ ከመዝገቡ ይገኛል። የቀሩት 46 ዶሮዎች በቀን የሚበሉት 276 ብር ነው፤ በጾም ዋጋም 26 እንቁላል ይከፍለዋል። 26 የሚጥሉ ከሆነ እስከ ፋሲካ መቈየታቸው ያለ ወጪ ነውና ይጠበቁ። 16 ብቻ የሚጥሉ ከሆነ ግን በየቀኑ 100 ብር፣ በ30 ቀን 3,000 ብር ይጐድላል። ይህም በአንዲት ዶሮ ላይ 65 ብር ያህል ይደርሳል። የፋሲካ ዋጋ ከዛሬው ከ65 ብር በላይ የማይበልጥ ከሆነ ዛሬ ይሸጡ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1ኛ. የመኖ ዋጋ በኪሎ 56 ብር፣ የእንቁላል ዋጋ 16 ብር ቢሆን የ48 ዶሮዎች የቀን ልክ ስንት እንቁላል ነው?

2ኛ. 20 ዶሮ ለማሳደግ 22 ጫጩት ቢገባ እስከ 20ኛው ሳምንት ስንት ኪሎ መኖ ያስፈልጋል?

3ኛ. ሦስት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው 33 ጫጩት ቢኖራቸው፣ የ100 ዶሮ የክትባት ብልቃጥ ለየብቻቸው ቢገዙና በአንድነት ቢገዙ የሚደፋው ስንት የዶሮ ድርሻ ነው?

4ኛ. ተማሪው ከሰፈሩ ገበያ የመኖን፣ የእንቁላልንና የጫጩትን ዋጋ ጠይቆ በክፍል ፯ ያለውን ሒሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ይሥራ፤ ትርፍ ወይም ኪሳራ መሆኑንም ከነምክንያቱ ይግለጽ።